አብስትራክትና ማጠቃለያ ከሠንጠረዡ በላይ ሲናገሩ፦ ጥያቄና መልስ

የትምህርት ጥናቶችን ለዓመታት አማክሬያለሁ፣ ገምግሜያለሁም። ከተጠየቅሁት ውስጥ ጥቂቱን ከነመልሱ እነሆ።

የማስተርስ ተማሪ፦ መምህር፣ አብስትራክቴ የሚያልቀው «ጥናቱ የጥንድ ንባብ የተማሪዎችን አንብቦ የመረዳት ችሎታ እንደሚያሻሽል አረጋግጧል» በሚል ነው። አማካሪዬ «ከልክ አልፏል» ብለው መለሱልኝ። የ7ኛ ክፍል ሁለት ሴክሽን፣ 44 እና 42 ተማሪ፣ 6 ሳምንት። በድህረ ፈተናው ከ40 ነጥብ 25.8 ለ 22.6፣ ፒ 0.016። ውጤቱ ጉልህ ነው እኮ!

መልስ፦ ውጤትሽ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው። ቃል በቃል እንየው።

«የተማሪዎችን» ብለሻል። የትኞቹን? ያየሻቸው 86 ልጆች ናቸው፣ ከአንድ ትምህርት ቤት፣ ከአንድ የክፍል ደረጃ። «ችሎታ» ብለሻል። የለካሽው ግን ራስሽ ባዘጋጀሽው ፈተና የተገኘ ነጥብ ነው። ፈተናው በጥንድ ሲያነቡ ከነበሩት ምንባቦች ጋር የሚመሳሰል ከሆነ የሙከራ ክፍሉ ቀድሞ ለምዶታል ማለት ነው። «ያሻሽላል» ደግሞ ሁልጊዜም እንዲሁ እንደሚሆን ያስመስላል። አንቺ የምታውቂው በ6ኛው ሳምንት መጨረሻ የሆነውን ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው «አረጋግጧል» ነው። ልጆቹን በዕጣ አልመደብሻቸውም፣ ሴክሽኖቹን እንዳሉ ነው የወሰድሻቸው። የፒ ዋጋው 86ቱን ልጆች አንዱ ከሌላው የተለየ ማስረጃ አድርጎ ቆጥሯል። በተግባር ግን ያነጻጸርሽው አንድ ክፍልን ከአንድ ክፍል ጋር ነው። የሙከራ ክፍሉ መምህር የተሻለ ቢሆንስ? የእነሱ ክፍለ ጊዜ ጠዋት፣ የሌላው ከሰዓት ቢሆንስ? ፒ 0.016 ይህን አይመልስልሽም። በቅድመ ፈተናው ሁለቱ ክፍሎች ተቀራራቢ ከነበሩ ጻፊው፣ ይረዳሻል። ጥርጣሬውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት የ7ኛ ክፍል ሴክሽኖች ላይ በተካሄደ ከፊል ሙከራዊ ጥናት፣ ለ6 ሳምንት በጥንድ ያነበቡ ተማሪዎች በተመራማሪዋ በተዘጋጀ የአንብቦ መረዳት ፈተና ከ40 ነጥብ በአማካይ በ3.2 በልጠው ተገኝተዋል። ተማሪዎቹ በዕጣ ስላልተመደቡና ዘዴው የተሞከረው በአንድ ሴክሽን ብቻ ስለሆነ፣ ልዩነቱ የመጣው በዘዴው ብቻ ነው ማለት አይቻልም።»

የነጥቦቹ ስታንዳርድ ዴቪየሽን 6 አካባቢ ከሆነ፣ ልዩነቱ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ይህንንም ጨምሪ። «ጉልህ» የሚለው ቃል ብቻውን ልዩነቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይናገርም።

አንድ አንባቢ፦ መፍትሔው ቀላል ነው። ሁሉም ቦታ «ይመስላል»፣ «ሊሆን ይችላል» ማለት ነው። ከዚያ ማንም አይከሰንም።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። መጠራጠር ያስፈልጋል፣ ግን ጥርጣሬው በሚገኝበት ቦታ። 3.2 ነጥቡ ተቆጥሮ የተገኘ ነው። «በልጠው ሊሆን ይችላል» ብትል የምታውቀውን ነገር እንደማታውቀው ማድረግህ ነው። የማናውቀው ለምን እንደበለጡና ሌላ ቦታ ይደገም እንደሆነ ነው። «ሊያሻሽል ይችል ይሆናል ተብሎ ይገመታል» የሚል ማጠቃለያ ሲደርሰኝ፣ ጸሐፊው ምን እንዳገኘ ለማወቅ ወደ ሠንጠረዡ ለመመለስ እገደዳለሁ። እሱም ሌላ ጥፋት ነው።

የሰባተኛ ክፍል መምህርት፦ የእኔ ተቃራኒው ነው። ልዩነቱ 2.2፣ ፒ 0.09 ወጣ። ማጠቃለያዬ ላይ «ዘዴው ለውጥ አያመጣም» ብያለሁ። ይሄ መቼም ማጋነን አይባልም?

መልስ፦ ይባላል! ልዩነት አለማግኘትና ልዩነት የለም ማለት ይለያያሉ። የክፍሎችሽ ብዛትና የነጥቦቹ ስርጭት ከላይኛው ጥናት ጋር ከተቀራረበ፣ የ95 በመቶው የመተማመኛ ክልል ከ −0.4 እስከ +4.8 ይሆናል። ስለዚህ መረጃሽ «ምንም ለውጥ የለም» ከሚለውም «አምስት ነጥብ ሊደርስ ምንም አልቀረው» ከሚለውም ጋር ይስማማል። «ጥናቱ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ስታቲስቲካዊ ጉልህነት ያለው ልዩነት አላሳየም፤ የናሙናው መጠን ግን መካከለኛ ልዩነትን ለይቶ ለማውጣት አይበቃም» በይ። ክልሉንም በቁጥር አስቀምጪ።

«ወደ ጉልህነት የተጠጋ» የሚል እንዳትጽፊ። ሌላም ፈተና አለ፦ ሴቶችን ለብቻ፣ ወንዶችን ለብቻ፣ ደካሞችን ለብቻ እያዩ ጉልህ የሆነችውን አንዷን ብቻ አብስትራክት ላይ ማውጣት። ስንት ቡድን እንደፈተሽሽ ካልተናገርሽ፣ አንባቢው አንዷ በአጋጣሚ የወጣች ልትሆን እንደምትችል በምን ያውቃል?

ሌላ ጠያቂ፦ አብስትራክት 250 ቃል ካለፈ ይመልሱታል? ማጠቃለያስ ስንት ገጽ ይሁን?

መልስ፦ የምትልክበት ጆርናል ወይም የተቋምህ መመሪያ ይወስነዋል። ቃል ሲበዛብህ ግን «ትምህርት ለአገር ዕድገት ወሳኝ ነው» የሚለውን መግቢያ ቁረጥ። ብዙዎች የሚቆርጡት የናሙናውን ብዛትና ቁጥሮቹን ነው፣ ማጋነኑም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የፒኤችዲ ተማሪ፦ 120 መምህራን መጠይቅ ሞሉልኝ። የሥራ ተነሳሽነታቸውና የክፍል አያያዛቸው ዝምድና 0.41 ነው። ርዕሴ ግን «ተነሳሽነት በክፍል አያያዝ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል፣ ጸድቋልም። ልቀይረው?

መልስ፦ እኔ እንዲቀየር እጠይቅ ነበር። 0.41ን በራሱ ስታባዛው 0.17 ገደማ ነው። ሁለቱ ልኬቶች የሚጋሩት ልዩነት 17 በመቶ ያህል ነው ማለት ነው። ክፍሉ የሰመረለት መምህር ተነሳሽነቱ ጨምሮስ ቢሆን? በዚያ ላይ ሁለቱንም የነገረህ ያው መምህር ነው፣ በአንድ ወረቀት። ስለ ራሱ በጎ የሚመልስ ሰው በሁለቱም ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ያከብባል። ክፍል ገብተህ ስላላየህ «የክፍል አያያዝ» ሳይሆን «መምህራን ስለ ክፍል አያያዛቸው የሰጡት ምላሽ» ብለህ ጻፍ።

ርዕሱን በተመለከተ የማከብራቸው ባልደረቦቼ አይስማሙኝም። «ርዕሱ ጥያቄ ነው፣ ማጠቃለያው ልክ ከሆነ ይበቃል» ይላሉ። እኔ የምሰጋው ብዙ ሰው ከርዕሱ ስለማያልፍ ነው። መቀየር ካልተቻለ የአብስትራክቱ የመጀመሪያ የግኝት ዓረፍተ ነገር «ዝምድና» የሚለውን ቃል ይያዝ።

የማስተርስ ተማሪዋ በድጋሚ፦ ይሁንታ ላይስ? ገምጋሚዎች «ትምህርት ቢሮው ይህን ያድርግ» የሚል ካላዩ ጥናቱን ዋጋ ቢስ ይሉታል።

መልስ፦ ይሁንታ ስጪ፣ ግን ከእያንዳንዱ ጎን የተነሳበትን የሠንጠረዥ ቁጥር በእርሳስ ጻፊ። ቁጥር ያጣው ይሰረዝ። «የጥንድ ንባብ በሥርዓተ ትምህርቱ ይካተት» ለሚለው ሠንጠረዥ የለሽም። ወጪውን፣ የመምህራን ሥልጠናውን፣ ሌሎች የክፍል ደረጃዎችን አልለካሽም። «ተመሳሳይ ክፍል ያላቸው መምህራን ቢሞክሩትና ውጤቱን ቢመዘግቡ» ያስኬዳል። «ቀጣይ ጥናት ብዙ ሴክሽኖችን በዕጣ ቢመድብና ከጥቂት ወራት በኋላ ዳግም ቢፈትን» ደግሞ በቀጥታ ከጥናትሽ ክፍተት የሚነሳ ነው።

እሷው፦ ገምጋሚዬ በዚህ ይረካል ብዬ አላምንም።

መልስ፦ ላይረካ ይችላል። ለፖሊሲ የሚሆን ሐሳብ የግድ ካለሽ ከግኝቶቹ ለይተሽ በራሱ አንቀጽ አስቀምጪው። ከልምድሽ የተነሳ እንጂ ከጥናቱ የተገኘ አለመሆኑንም በግልጽ ተናገሪ። አብስትራክቱ ውስጥ ግን አታስገቢው።