እህቴ ከ14 ዓመት በኋላ ድሬ ልትመጣ ነው፦ ስለ ወባ ጥያቄና መልስ

ከሳቢያን፦ እህቴ ለገና ከጀርመን ልትመጣ ነው። ከወጣች 14 ዓመቷ ነው። 5 ዓመት የሆነውን ልጇንም ይዛ ነው የምትመጣው፤ እሱ እዚያው ነው የተወለደው። የወባ መከላከያ ክኒን ውሰጂ ስላት «እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሰውነቴ ወባን ያውቃታል፤ ደግሞ በበጋ ምን ወባ አለ?» ብላ ሳቀችብኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አንተ ነህ ልክ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ ድሬ ላቦራቶሪ ውስጥ የወባ ደም ስመረምር ነው፤ እንደ እህትህ የሚያስቡ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ኩፍኝ አንዴ ከያዘ ሰውነት ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ወባ ግን እንደዚያ አይደለችም። ሰውነት የሚቋቋማት ደጋግማ ስትይዘው ብቻ ነው፤ ከአገር ከወጡ በኋላ ያ አቅም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሟሟል። በዚያ ላይ ድሬ ላይ ወባ ወቅት እየጠበቀች የምትነሳ ስለሆነች የእኛ የመቋቋም አቅም ድሮም ያን ያህል አልነበረም። ልጇ ደግሞ ጭራሽ የለውም፤ እሱን ከያዘችው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊጠናበት ይችላል።

የበጋውንም ነገር ንገራት። እሷ የምታውቃት ወባ ከክረምት በኋላ ውሃ ሲያቁር የምትመጣዋን ነው። አሁን ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ገብታለች። በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ዓ.ም. ቀብሪደሃር ላይ ነው። ዝናብ አትጠብቅም፤ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ ወረርሽኙ የተነሳው በጥር ነው፣ በደረቅ ወቅት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ታመው ነበር።

ክኒኑን በተመለከተ፣ ለአጭር ጉብኝት እኔ የምመርጠው ማላሮን የሚባለውን ነው፤ በጤና ባለሙያ ማዘዣ እዚያው ጀርመን ትግዛ። ታኅሣሥ 22 ገብታ፣ ገናንም ጥምቀትንም አሳልፋ ጥር 12 ብትመለስ ቆይታዋ 21 ቀን ነው። ታኅሣሥ 20 ትጀምራለች፣ በየቀኑ አንድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምግብ ወይም ወተት ጋር። የመጨረሻዋን የምትውጠው ጥር 19 ነው። በድምሩ 30 ክኒን። ብዙ ሰው የሚዘልላት ከተመለሱ በኋላ ያለችውን 7 ቀን ነው። ጥገኛው ተሕዋስ ወደ ደም ከመውጣቱ በፊት ጉበት ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል። በመጨረሻዋ ሌሊት የተነደፈች እንደሆነ መድኃኒቱ የሚደርስበት በእነዚያ ቀናት ነው። ለልጁ የሕፃናት ክኒን አለ፤ መጠኑ በኪሎ ስለሚወሰን ከመታዘዙ በፊት ይመዘን። 18 ኪሎ ከሆነ በቀን አንድ የሕፃን ክኒን ነው። ዶክሲሳይክሊን ይረክሳል፣ ግን ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል፤ ለእንደሱ ዓይነት ትንሽ ልጅም አይሰጥም።

ከገንደ ቆሬ፣ እናት፦ ምን ክኒን አስፈለገ ልጄ? ትንኝ ቆሻሻ ውሃ ላይ ነው የምትፈለፈለው። የኛ በርሜል ንጹሕ ነው። አጎበር ከተሰቀለ ደግሞ አለቀ።

መልስ፦ እማማ፣ ግማሹ እውነት ነው። ከፍሳሽ የምትወጣውና ሌሊት ጆሯችን ላይ የምትጮኸው ትንኝ ቆሻሻ ትወዳለች። የወባዋ ግን ንጹሑን ውሃ ነው የምትፈልገው፤ የእርስዎ በርሜል ለሷ ቤት ነው። ማታ የእጅ ባትሪ ይዘው በርሜሉን ቀስ ብለው ይክፈቱና ፊቱ ላይ ያብሩ። ትንሽ ትል የሚመስል ነገር ውሃው ላይ ጋደም ብሎ ተንሳፎ ካዩ የወባ ትንኝ እጭ ነው፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ የሌላ ትንኝ ነው። የሌላም ሆነ የሷ፣ ውሃውን ደፍተው ግድግዳውን በደንብ ይፈትጉት። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሳምንት ወይም ትንሽ በላይ ስለሚፈጅ በየሳምንቱ ከተደረገ አይደርስም። ሮቶውን መድፋት አይቻልምና አፉ በወንፊት ጨርቅ ተሸፍኖ በገመድ ይታሰር፤ ክዳኑ ብቻ ክፍተት ስለሚተው አይበቃም።

አጎበሩ የግድ ነው፣ ጫፉም ከፍራሹ ሥር ይግባ። ግን ድሬ ላይ ሰው የሚነደፈው ሳይተኛም ነው። ከመግሪብ በኋላ ግቢ ውስጥ አንጥፎ ቡና ሲጠጣ፣ በርጫ ላይ ሲቀመጥ ማን አጎበር ውስጥ አለ? ለዚያ ሰዓት ረጅም እጅጌና ቆዳ ላይ የሚቀባ ትንኝ አባራሪ ያስፈልጋል።

ከሐረር፦ እኔ ጀጎል ነኝ። እዚህ ብርድ ነው፣ ወባ የለም። ዘመድ ሐረር ብቻ ከመጣ ክኒኑ ገንዘብ ማባከን ነው።

መልስ፦ ሐረር ከድሬ በብዙ ይሻላል፤ ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ግን ለተጓዦች የሚሰጠው ምክር በኢትዮጵያ እስከ 2,500 ሜትር ድረስ ክኒን ይወሰድ ይላል። ደግሞ ሐረር የመጣ ሰው ባቢሌ ሳይወርድ፣ ድሬ ሳያድር ይመለሳል?

ከሐረር፦ የእኛ ሰው ከጀጎል አይወጣም። አያቴ ጋ ለ5 ቀን ነው የምትመጣው።

መልስ፦ እሱን ከሐኪሟ ጋር ትመካከር። እኔ ብሆን ድሬ አውሮፕላን ማረፊያ አርፋ የምትገባ ከሆነ እንድትወስድ ነበር የምነግራት።

ከመጋላ፦ እኔ እዚሁ ነዋሪ ነኝ፤ ከትናንት ጀምሮ ያንቀጠቅጠኛል። ይሄን ማላሮን ገዝቼ ልጀምር?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ አሁን የምናወራው ሳይታመም ስለሚወስድ እንግዳ ነው። አንተ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድና ተመርመር። ዴንጊም ሊሆን ስለሚችል እስኪታወቅ ድረስ ከፓራሲታሞል በቀር አይቡፕሮፌንም አስፕሪንም አትንካ።

ከቶሮንቶ፦ እኔ ባለፈው ድሬ ስመጣ ክኒኑን እስከ መጨረሻው ወስጄ ነበር፣ አንድም አልዘለልኩም። ከተመለስኩ ከ4 ወር በኋላ ወባ ያዘኝ። ሐኪሙ ጉንፋን ነው ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰኝ። ታዲያ ክኒኑ ምን ጠቀመኝ?

መልስ፦ ያንተ ቫይቫክስ ሳትሆን አትቀርም። እኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ወባ አለ፤ ገዳይዋ ፋልሲፓረም ናት፣ ማላሮን በደንብ የሚከላከለውም እሷን ነው። ቫይቫክስ ግን ጉበት ውስጥ ተኝታ ወራት ቆይታ ትነሳለች፤ የተኛችውን ማላሮን አይነካትም። እሷን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው፤ የሚሰጠውም ሰውነትህ እንደሚችለው በደም ምርመራ ከታየ በኋላ ነው። ካልወሰድከው ጠይቅ፤ አለዚያ ተመልሳ ልትመጣ ትችላለች።

ከሳቢያን፦ እህቴ ቆይታዋ ላይ ወይም ከተመለሰች በኋላ ቢያተኩሳትስ?

መልስ፦ በዚያው ቀን ትመርመር። እዚህ ከሆነች በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን መመርመሪያ «የለም» ቢላትም በማይክሮስኮፕ ይታይላት፤ በአገራችን አንዳንዱ ፋልሲፓረም መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን አያወጣም። ትኩሳቱ ካልተወና ውጤቱ «የለም» ካለ በማግስቱም ይደገም። ጀርመን ከሆነች ሐኪሙ ሳይጠይቃት በፊት «ኢትዮጵያ ነበርኩ፣ የወባ ምርመራ ይሠራልኝ» ትበል፤ ይህን የምትለው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ብቻ ሳይሆን ለዓመት ያህል ነው። ልጁ ላይ ደግሞ ማስታወክ ወይም መፍዘዝ ካየች ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ትውሰደው።