ወንበሩን መጀመሪያ ግድግዳ አስደግፊ

«አራት ኪሎ አካባቢ ነኝ። የሰፈራችንን አዛውንቶች ሰብስቤ ቀለል ያለ ስፖርት ላሠራቸው አስቤያለሁ። ሐሳቤ እንዳይወድቁ ሚዛናቸውንና የእግራቸውን ጉልበት ማጠንከር ነው። ኤሮቢክስ አሠርቼ አውቃለሁ። ከአረጋውያን ጋር ግን ሞክሬው አላውቅም። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ እኔ ከአንቺ ብዙም በማልርቅበት ፒያሳ አካባቢ አዛውንቶችን ማሠራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሰውነት ማሟሟቁን ታውቂበታለሽ፣ እሱን እዘለዋለሁ።

1. ወንበር። ከሁሉም በፊት ይሄ ይቅደም። ከባድ ይሁን፣ የማይንሸራተት ይሁን፣ ጀርባው ግድግዳ ይንካ።

ለምን ይሄን እንዳስቀደምኩ ልንገርሽ። አዳራሽ ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ደብዳቤ አምጣ፣ ማኅተም የለውም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና። አንዱ ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሽማግሌ ቤቱ ሆኖ ይጸልይ እንጂ ስፖርት ምን ያደርግለታል?» አለኝ። አብረውኝ የመጡ አባት አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በስንት ምልጃ አዳራሹ ተፈቀደ። ወለሉ ሙልጭልጭ ያለ ሴራሚክ፣ ወንበሩ በአንድ እጅ የሚነሳ ፕላስቲክ። ግድግዳ ላስደግፈው ብዬ ለመንኩ። «ቀለሙ ይቆሽሻል፣ መሐል ላይ አድርጉት» ተባልኩ።

ብዙም ሳንቆይ አንዲት እናት ሲቀመጡ ወንበሩ ወደ ኋላ ሸሸባቸው። መሬት ላይ ዘጭ አሉ። አጥንታቸው አልተሰበረም፣ ተመስገን። ልጃቸው ግን በማግስቱ መጥታ ከእንግዲህ አይመጡም አለችኝ። የሌሎቹም ቤተሰቦች ሰምተው አስቀሩብኝ። የወደቀ አዛውንት ፍርሃት ይገባዋል። ሲፈራ ይቀመጣል። ሲቀመጥ የእግሩ ሥጋ ይመነምናል። ያን ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ይወድቃል። ለቀለም ሲባል የሆነው ይሄ ነው።

አሁን የምንሠራው በዕድር አዳራሽ ነው። የዕድሩ ሰብሳቢ ደብዳቤም አልጠየቁኝ። ለለቅሶ የሚወጡት ረጃጅም የእንጨት አግዳሚዎች ከባድ ስለሆኑ ግድግዳ ሲነኩ ንቅንቅ አይሉም። ቀድመሽ ዕድርሽን ጠይቂ።

2. ሳትለኪ አትጀምሪ። ባለፈው አንድ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ? ሲነሱ ያዞራቸዋል? የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ? እነዚህን ጠይቂ። የሚያዞራቸውን፣ ደረታቸውን የሚያማቸውን፣ በተደጋጋሚ የሚወድቁትን መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው።

ከዚያ ሁለት ፈተና አለ። አንደኛው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር ይነሳሉ? ከ70 እስከ 74 ዓመት ያለች ሴት ከ10 በታች፣ በዚያው ዕድሜ ያለ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ የእግር ጉልበት አንሷል። በእጃቸው ተደግፈው ከተነሱ ዜሮ ነው የሚጻፈው። ሁለተኛው፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አስገጥመው 10 ሰከንድ መቆም ነው። ያልቻለ ሰው የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው። ስትፈትኚ አጠገባቸው ቁሚ፣ እጅሽ ዝግጁ ይሁን።

3. ጉልበት። ያቺ የወደቁት እናት በኋላ ተመልሰው መጡ። ልጃቸውን ዕድሩ ቤት ወስጄ አግዳሚውን በእጇ አስነቀነቅኋት፣ ያን ጊዜ ነው የፈቀደችው። ሲፈተኑ ዜሮ አመጡ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለ እጅ መነሳት አይችሉም ነበር። አግዳሚው ላይ ብርድ ልብስ አጥፌ አነጠፍኩላቸው። መቀመጫው ከፍ ሲል ጉልበት ብዙ ስለማይታጠፍ መነሳት ይቀላል። እንደዚያ ሆኖ በእጃቸው ሳይደገፉ 5 ጊዜ ተነሱ። ከዚያ ጀመርን። ቁጭ ሲሉ ቀስ ብለው እንዲወርዱ አደረግኩ፤ ጉልበት የሚሠራው ሲወርዱም ጭምር ነው። 10 ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና 10 ጊዜ ሳይቸገሩ ሲሠሩ ከብርድ ልብሱ አንድ እጥፍ ቀነስኩ። እያልን እያልን አግዳሚው ባዶውን ቀረ።

ሌላው የምንሠራው ተረከዝ ማንሳት፣ እግርን ወደ ጎን ማንሳትና ደረጃ መውጣት ነው። ደረጃው የሚኒባስ ታክሲ መግቢያ ስለሚመስል በጣም ይወዱታል። ግን ከዝቅተኛው ጀምሪ። ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አድርጊ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አይዝም። በማግስቱም የቀጠለ የጉልበት ሕመም ካለ ከፍታውን ወይም ቁጥሩን ቀንሺ።

4. ሚዛን። ብዙ አሠልጣኝ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ተቀምጦ እጅ ማወዛወዝ ደስ ይላል፤ ሚዛን ግን አያሠለጥንም። ሚዛን የሚሻሻለው ቆመው ትንሽ ሲወዛወዙና ራሳቸውን ሲመልሱ ነው። ሁለት እጁን ጭምድድ አድርጎ የያዘ ሰው ሚዛኑን የያዘለት ወንበሩ ነው። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር በየተራ አክብጂ። መጀመሪያ እግር ገጥሞ መቆም፣ ከዚያ አንዱን እግር ግማሽ ማስቀደም፣ ከዚያ ተረከዝና ጣት ማስገጠም፣ መጨረሻ ላይ በአንድ እግር። እጅም እንደዚሁ ነው፤ ሁለት እጅ፣ አንድ እጅ፣ ሁለት ጣት፣ ከዚያ እጅን ከድጋፉ ከፍ አድርጎ ማቆየት። እግሩንና እጁን በአንድ ቀን አትቀይሪ።

ልኩን በዓይንሽ ታውቂዋለሽ። ቁርጭምጭሚታቸው እየተንቀጠቀጠ ግን ከቆሙ ልክ ነው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ቀሏቸዋል። እግራቸውን አንስተው ካስቀመጡ ወይም ድጋፉን ቀጨም ካደረጉ ከብዷቸዋል፤ አንድ ደረጃ መልሺ። ደካማ የሆኑትን ጥግ ላይ አቁሚ፤ ከኋላቸው ግድግዳ፣ ከፊታቸው ከባድ ወንበር። ጋቢና ነጠላ ይውለቅ፣ ሸርተቴ ጫማ ከውጭ ይቅር። ለዚህ ረዳት ያስፈልግሻል። ብቻሽን 20 ሰው እንዳትይዢ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ የሚመክረው እንዲህ ያለውን የሚዛንና የጉልበት እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ነው። እኛ ሁለቱን ቀን አብረን እንሠራለን፣ አንዱን ቤታቸው ከከባድ ጠረጴዛ አጠገብ፣ ሰው ባለበት። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ካደረግሽው ብዙ ለውጥ አትጠብቂ።

5. ሰዓት። በዐቢይ ጾም ብዙዎቹ ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ምንም ሳይቀምሱ ይመጡብሻል። በረመዳንም እንዲሁ ነው። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባዶ ሆዱን አይሥራ። እኔ በጾም ወቅት ሰዓቱን ከምግብ በኋላ አዞረዋለሁ፤ ማር ወይም ስኳር ያለበት ውኃም ሁልጊዜ አዘጋጃለሁ። ቢያልባቸው፣ ቢንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ቢዘባረቅ አስቀምጪያቸውና መዋጥ ከቻሉ እሱን ስጪያቸው። መዋጥ ካልቻሉ በአፋቸው ምንም ሳታደርጊ ወደ ሕክምና ውሰጂያቸው። የግፊት ኪኒን የዋጡት ደግሞ ከመቀመጫቸው ሲነሱ መጀመሪያ እግራቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ይቁሙ፣ ትንሽ ቆይተው ይራመዱ።

የዕድርሽ ሰብሳቢ ካቅማሙ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ የኛን ሰብሳቢ አነጋግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይደውሉላቸዋል። ወደዚያ ቢሮ ግን አትሂጂ።