ጠባቡ ቤቱ ነው ወይስ በሩ?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የሳንባ ትንፋሽ ምርመራ ክፍል ነው የምሠራው። ታካሚዎች ይዘውት የሚሄዱትን ማብራሪያ በአማርኛ እንድጽፍ ተነግሮኝ ኦብስትራክቲቭ የሚለውን ‹የአየር ቧንቧ መጥበብ›፣ ሪስትሪክቲቭ የሚለውን ደግሞ ‹የሳንባ መገደብ› ብዬ ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬ ‹ሁለቱም ለሕዝቡ ያው ጠበበ ነው፣ ምን ልዩነት አለው› አለችኝ። ማን ነው ልክ?»

መልስ፦ ባልደረባዎ ግማሹን ልክ ናት። እርስዎም ግማሹን። ያስቸገራችሁ ሕክምናው ሳይሆን «ጠበበ» የሚለው ግስ ነው።

«ቤቱ ጠበበን» ስንል ሰው በዛ፣ ቤቱ ግን አይበቃም ማለታችን ነው። ነገሩ የመያዝ አቅም ነው። «በሩ ጠበበ» ስንል ግን ቤቱ አዳራሽ ሊሆን ይችላል። ችግሩ መውጫው ላይ ነው፣ ሶፋው አላልፍ አለ። አማርኛ ለሁለቱም አንድ ግስ ሰጥቶ ዝም ብሏል። ለመደበኛ ኑሮ ይበቃል፣ ምክንያቱም ቤትና በር የሚምታታበት ሰው የለም። ሳንባ ላይ ግን ቤቱም በሩም ደረት ውስጥ ተደብቀዋል። ታካሚው «ጠበበ» ሲባል የቱ እንደጠበበ በምን ይወቀው?

ኦብስትራክቲቭ የበሩ ችግር ነው። ሪስትሪክቲቭ የቤቱ ነው። ስለዚህ «የአየር ቧንቧ መጥበብ» ያሉት ደህና ነው፣ ምን እንደጠበበ ተናግረዋልና። «መገደብ» ላይ ግን አልስማማም።

ይህን ቃል የሚደግፉ አሉ። በየስብሰባው እሰማቸዋለሁ። «ሪስትሪክት ማለት መገደብ ነው፣ መዝገበ ቃላት ይመልከቱ» ይላሉ። ተመልክቻለሁ። ግን ግስ መዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻ አይኖርም፣ ጆሮ ውስጥም ይኖራል። ገደበ ላለ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ግድብ ነው። ግድብ ደግሞ የሚፈስን ነገር ያቆማል። ከኋላው ውሃው ሞልቷል፣ መውጫ ነው ያጣው። ይኼ ቁልጭ ያለ የኦብስትራክቲቭ ሥዕል ነው! ሪስትሪክቲቭን «ገዳቢ» ያለ ሰው ሁለቱን በሽታዎች ስም አቀያየራቸው ማለት ነው።

እስቲ የምርመራውን ውጤት ወረቀት እንየው። እኔ ራሴ በሳል ሰበብ ሁለት ጊዜ ነፍቼ ኮፒው መሳቢያዬ ውስጥ ስላለ ከሩቅ አላወራም። (ወረቀቱ ላይ ያለውን፣ ሉፕ የሚሉትን ሥዕል «ቀለበት» በሉት የሚሉ አሉ። ቀለበት ክብ ነው፣ ይኼ ክብ አይደለም። ሉፕ ይባል፣ ሳልወድ።)

ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው መስመር የወጣው አየር መጠን ነው፣ በሊትር። ወደ ላይ የሚወጣው ፍጥነቱ ነው፣ ሊትር በሰከንድ። ሰውዬው ሳንባውን ጢም አድርጎ ሞልቶ በአንድ ጊዜ ቦግ አድርጎ ሲነፋ መስመሩ ሽቅብ ይተኮሳል። ጫፍ ከነካ በኋላ ቀስ በቀስ፣ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ፣ ወደ ቀኝ ይወርዳል። ከታች ያለው ጎድጓዳ ሳህን የሚመስለው አየሩን መልሶ ሲስብ የተሣለው ነው። ጤነኛ ሉፕ ይኼው ነው።

በሩ የጠበበ ሰው ላይ ያ ቁልቁል መውረጃ ቀጥ አይልም። እንደላላ የልብስ ማስጫ ገመድ ወደ ውስጥ ይረግባል። ምክንያቱም ሳንባው እየጎደለ ሲሄድ ትንንሾቹ ቧንቧዎች ይበልጥ ይጨመቃሉ፣ ፍጥነቱም ገና ብዙ አየር ሳይወጣ ይሞታል። ቀሪው አየር እየተጎተተ ይወጣል። «ረገበ» እዚህ የሚስማማ ግስ ነው፣ በነፃ ይውሰዱት።

ቤቱ የጠበበ ሰው ላይ ግን መውረጃው አይረግብም። መስመሩ ሽቅብ ሄዶ በቁሙ ይወርዳል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ወርዱ አጭር ነው። ሾጠጥ ያለ የጎጆ ጣሪያ ይመስላል።

አሁን የአማርኛውን ወጥመድ ልብ ይበሉ። ሪስትሪክቲቭ ላይ ጠባቡ ሥዕሉ ነው፣ ቧንቧው ግን ደህና ነው። ኦብስትራክቲቭ ላይ ጠባቡ ቧንቧው ነው፣ ሥዕሉ ግን ሰፊ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ሉፑን እያየ «ጠባብ ነው» ሲል፣ ታካሚው ደግሞ ደረቱን ይዞ «ቧንቧዬ ጠበበ» ሲል፣ ሁለቱ በአንድ ቃል ስለ ሁለት በሽታ እያወሩ ነው። ይኼ ክፍላችሁ ውስጥ በየቀኑ ሳይከሰት አይቀርም።

ቁጥር እንጨምርበት። ሁለት ሴቶች አሉ እንበል፣ ዕድሜያቸውም ቁመታቸውም አንድ ነው። ከሁለቱም የሚጠበቀው ጠቅላላ ትንፋሽ፣ ወረቀቱ ላይ FVC የሚለው፣ 3.0 ሊትር ነው። በመጀመሪያው ሰከንድ ብቻ የሚወጣው፣ FEV1 የሚለው፣ 2.4 ሊትር መሆን ነበረበት። አንደኛዋ ዕድሜዋን በሙሉ በማገዶ ጭስ ስታበስል ኖራለች። ሁለተኛዋ ከዓመታት በፊት ሳንባ ነቀርሳ ታክማ ድናለች፣ ግን ጠባሳው ቀርቷል። ሁለቱም በመጀመሪያው ሰከንድ 1.5 ሊትር አወጡ። እኩል ናቸው! እዚህ ላይ ያቆመ ሰው «ሁለቱም ያው ነው» ቢል አልፈርድበትም።

ግን ንፊቱ ይቀጥላል። የጭሷ ሴት እየጎተተች፣ እየጎተተች 2.8 ደረሰች። 1.5 ለ2.8 ሲካፈል 0.54 ነው። በተለምዶ ከ0.70 በታች ሲሆን ቧንቧው ጠቧል ይባላል። (ሽማግሌ ላይ ይህ ድርሻ በዕድሜ ብቻ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ብዙዎች አሁን 0.70ን ትተው ለዕድሜው የተሰላውን ዝቅተኛ ወሰን የሚመርጡት።) ባለ ጠባሳዋ ግን 1.7 ላይ አለቀባት። ድርሻው 0.88 ነው፣ እንዲያውም ከፍ ያለ። ቤቱ ትንሽ ነው እንጂ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ያለውን ወዲያው አወጣች። የደነደነ ሳንባ ቧንቧዎቹን ዙሪያቸውን ስቦ ክፍት ስለሚይዛቸው ነው።

አሁን ደግሞ የሚያሳስተውን ልንገርዎ። የጭሷ ሴት ደክሟት ሳትጨርስ 2.0 ላይ አፏን ብታነሳስ? 1.5 ለ2.0 ሲካፈል 0.75 ይሆናል። ድርሻው ደህና፣ ጠቅላላው አነስተኛ። ማሽኑ ያለ ሐፍረት «ሪስትሪክቲቭ ሊሆን ይችላል» ብሎ ያትማል። የበር ችግር የቤት ችግር ሆኖ ቤቷ ገባ! የሚያጋልጠው መጨረሻው ነው። ጨርሶ የነፋ ሰው መስመር ወደ ወለሉ እየተጠጋ እየቀጠነ ያልቃል። ያቋረጠ ሰው መስመር ግን ገደል እንደገባ በድንገት ዝቅ ይላል። የወጣውን አየር ከጊዜው ጋር የሚያሳየው ሌላው ሥዕልም ላይ ጫፉ መተኛት አለበት፣ በመጨረሻው አንድ ሰከንድ ከ25 ሚሊሊትር በላይ ካልጨመረ ተኝቷል ይባላል። ገና እየወጣ ከተቆረጠ አላለቀም። እኔም መጀመሪያ ስነፋ እንዲሁ ሆንኩ። «ሳንባህ አንሷል» ተብዬ አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። ሁለተኛ ጊዜ «ንፋ፣ ንፋ፣ ገና ነው፣ አታቁም!» የምትል ልጅ ደረሰችልኝ፣ ወረቀቱም ተለወጠ።

ከዚህ አንድ የሰዋስው ነጥብ ይወጣል። ኦብስትራክቲቭ ሲሆን፣ ንፊቱ በደንብ ከተሠራ፣ «ነው» ማለት ይቻላል። ሪስትሪክቲቭ ላይ ግን «ይመስላል» በሉ። የምንነፋበት ማሽን፣ ስፓይሮሜትር፣ የሚለካው የወጣውን ብቻ ነው። ጨርሰን ነፍተንም ሳንባ ውስጥ የሚቀር አየር አለ፣ ማሽኑ እሱን አያየውም። በሩ ክፉኛ የጠበበበት ሰው ብዙ አየር ውስጥ ታፍኖበት FVC ሊያንስ ይችላል፣ ሳንባው ግን ያላነሰ፣ እንዲያውም የተነፋ ነው። ቤቱ እውነት ትንሽ መሆኑ የሚረጋገጠው ጠቅላላውን የሳንባ ይዘት በሚለካ ሌላ ምርመራ ነው። ስለዚህ «ይመስላል» እዚህ የትሕትና ቃል አይደለም፣ የውጤቱ አካል ነው።

ወደ ቃሉ ልመለስ። የእኛ «ጠበበ» በግእዝ «ጸበበ» ነው። ጸጉር ጠጉር እንደሆነው ሁሉ ጸ ወደ ጠ ዞረ። ግእዝ የራሱ «ጠበበ» ነበረው፣ ትርጉሙ ብልህ ሆነ፣ ጥበብ የመጣበት። አማርኛ ላይ ሁለቱ በአንድ ድምፅ ተጋጩ። ለጥያቄዎ አያስፈልግም፣ ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም። የላቲኑ ይበልጥ ይጠቅማል። የኦብስትራክት ሥር «ፊት ለፊት መገንባት» ነው፣ መንገድ ላይ ግንብ ማቆም። የሪስትሪክት ሥር ደግሞ «ወደ ኋላ ስቦ ማሰር» ነው፣ ደረት ላይ መቀነት ማጥበቅ እንደማለት። ስለዚህ የእኔ ምርጫ «የታሰረ ሳንባ» ነበር። ሥሩም ይስማማል፣ ሥዕሉም ያምራል። ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ ለተቀመጡ አባት ነገርኳቸው። «ታሰረ? ምን አጥፍቶ?» አሉኝ።

አሁንም ቃሉን እወደዋለሁ። ግን ለታካሚ ወረቀት አይሆንም፣ እሺ። «የሳንባ መጠን ማነስ» ይበሉት። ደረቅ ነው፣ ግን ማንም አይሳሳትበትም። ሐኪሞቹ እርስ በርስ ኦብስትራክቲቭ፣ ሪስትሪክቲቭ ማለታቸውን እንደማይተዉ አውቃለሁ። ታካሚዎችም «ኦብስትራክቲቭ አለብህ ተባልኩ» ማለት ጀምረዋል። በዚህ ተሸንፌያለሁ፣ ቃሉን በግእዝ ፊደል ከጎኑ ይጻፉት።

ማብራሪያው ላይ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «አየር የሚወጣበት ቧንቧ ጠቧል (ኦብስትራክቲቭ)። አየሩ አለ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።» ለሁለተኛው፦ «ሳንባው የሚይዘው አየር ያነሰ ይመስላል (ሪስትሪክቲቭ)። ያለው አየር ግን ቶሎ ይወጣል። ለማረጋገጥ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።» ለባልደረባዎም ይኼን ያሳዩአት፣ «ጠበበ» የሚለው አንዴ ብቻ ነው የገባው።