የተለወጠው ሰውዬው ነው ወይስ እኛ?

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ስለ ገጸ ባሕርያት ስንማር አንድ ስሕተት በየዓመቱ ይመጣ ነበር። ተማሪዎቼ «ክብ» ያሉትን ገጸ ባሕርይ ወዲያው «የሚለወጥ» ይሉታል፤ «ዝርግ» ያሉትን ደግሞ «የማይለወጥ»። እነዚህ ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ «ይህን ሰው ምን ያህል አወቅነው?» ይላል። ሌላው «ውስጡ ተለወጠ ወይ?» ይላል።

ዝርግና ክብ የሚለውን አከፋፈል ያስለመደው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር ነው፤ በ1927 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ውስጥ በሰጠው ትምህርት። ዝርግ የሚባለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ የሚያልቅ ነው። ክቡ ያስገርመናል፤ ሲያስገርመንም እናምነዋለን። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ስለ መለወጥ የተባለ ነገር የለም።

ለክፍል ውይይት ብዬ የጻፍኳትን አጭር ታሪክ ልንገራችሁ።

ጋሽ ተሾመ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ከዚራ ይኖራል። ባቡር ባይኖርም ጠዋት ጠዋት የድሮ ኮፍያውን አድርጎ ለገሀር ይሄዳል፣ ሰዓቱን አይቶ ይመለሳል። የሚያመላልሰው ባለ ባጃጁ ሰሚር ነው። አንድ ቀን ጋሽ ተሾመ ኮቱን ባጃጁ ውስጥ ረሳ። ኪሱ ውስጥ የወር ጡረታው ነበረ። ሰሚር ብሩን ወስዶ ዝም አለ። በኋላ ሽማግሌው ከዚያች ጡረታ ላይ የጎረቤት ልጅ ትምህርት ቤት እንደሚከፍል ሰማ። ሰው ሲጠይቀውም «ራሴ ነኝ የጣልኩት» እያለ ማንንም እንዳልጠረጠረ አወቀ። መጨረሻ ላይ ከቀፊራ የጫናት ሴት ቦርሳዋን ረስታ ወረደች። ሰሚር ባጃጁን አዞረ።

ታዲያ ማን ተለወጠ? ብዙዎቹ «ጋሽ ተሾመ! ቆፍጣና ነበር፣ ደግ ሆነ» ይላሉ። አልሆነም። ክፍያውን ከታሪኩ በፊትም ይከፍል ነበር። የተለወጠው የእኛ እውቀት ነው። እሱ ክብ ነው፣ ግን የማይለወጥ። ይህን ዓይነቱን ሰው ብዙ አንባቢ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ኑሮ መለወጥም ሌላ ነገር ነው። ሰው ሀብታም ቢሆን፣ ቢያገባ፣ ጅቡቲ ቢሄድ ገና ተለወጠ አይባልም። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ የገጠመው ነገር መጨረሻ ላይ እንደገና ቢገጥመው ያንኑ ያደርጋል? ሰሚርን ሁለት ጊዜ ከተረሳ ዕቃ ጋር ያገናኘሁት ለዚሁ ነው።

ማስረጃ ስትፈልጉ ደግሞ አገሩን እወቁ። ሰሚር ሽማግሌውን «አንተ ተሾመ» ይለዋል። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ተማሪ ይህን ጠቅሶ «ባለጌ ነው» ብሎ ጻፈ። ድሬ ላይ «አንተ» ፍቅር ነው።

ሰሌዳ ላይ የምስለው ሠንጠረዥ ይህን ይመስላል፤ ከላይ ሳሳጥር የዘለልኳት ሻይ ሻጭና የመጀመሪያው ረቂቄ ውስጥ የነበረው አከራይም አሉበት፦

| ገጸ ባሕርይ | ምን ያህል አወቅነው? | መጀመሪያ | መጨረሻ |
|---|---|---|---|
| ሻይ ሻጯ | ዝርግ፦ «ዛሬም አልመጣም?» ብቻ ትላለች | ያንኑ ትላለች | ያንኑ ትላለች |
| ጋሽ ተሾመ | ክብ፦ ቆፍጣና፣ ደግ፣ ናፋቂ | ለገሀር ይሄዳል | ለገሀር ይሄዳል |
| ሰሚር | ክብ፦ ተግባቢ፣ ሌባ፣ የሚጸጸት | ብሩን ወሰደ | ቦርሳውን መለሰ |
| አከራዩ | ዝርግ፦ ኪራይ ብቻ ያውቃል | ያስጨንቃል | ኪራይ ማረ |

ሻይ ሻጯ ዝርግ መሆኗ ጉድለት አይደለም። ሥራዋ ባቡሩ እንደማይመጣ ማስታወስ ነው፤ ሕይወቷን ብተርክ ታሪኩ ይበተንብኛል። ችግሩ አከራዩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ረቂቄ ውስጥ መጨረሻው ገጽ ላይ ድንገት ደግ አደረግሁት። ምክንያቱ የቱ ገጽ ላይ እንዳለ ስፈልግ አጣሁት፤ አወጣሁት። ተረት ውስጥ ቢሆን ስስታም በአንድ ሌሊት ለጋስ ቢሆን ማንም አይከፋም። በእንዲህ ያለ ታሪክ ግን አንባቢ «ምን አግኝቶት ነው?» ይላል።

ሠንጠረዡን ስትሞሉ «ደግ»፣ «ክፉ» ብላችሁ አትለፉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ውስጥ ግብር ጻፉ፦ ወሰደ፣ መለሰ፣ ሄደ። ክርክሩ የሚሞቀው ያኔ ነው።

አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የሴትዮዋን ቦርሳ መለሰ። የጋሽ ተሾመን ብርስ?» አለችኝ። ታሪኩ ውስጥ አይመልስም። ግማሹ ክፍል «እንግዲያው አልተለወጠም» አለ። ግማሹ «ጀምሯል» አለ። ከሰሚር ስም ጎን የጥያቄ ምልክት አደረግሁ፤ ከዚያ ወዲህም አላጠፋሁትም።