ጥቁሩ ሳጥን ምን ይላል? «አጠፋሁት» የተባለ ቪዲዮን ከነአስተያየቶቹ ስለ መመለስ

ጥያቄ፦ «የሥልጠና ቪዲዮአችን ዩቲዩብ ላይ ሦስት ዓመት ቆይቷል። 4ኛው ደቂቃ ላይ የሚታየው ስልክ ቁጥር ስለተቀየረ ባልደረባዬ ‹አጠፋሁት› አለኝ፤ እኔም የተስተካከለውን ጫንኩ። አሁን 214ቱ የድሮ አስተያየቶች የሉም። ቪዲዮውን በሰካንባቸው 38 የዎርድፕረስ ገጾች ላይ «Video unavailable. This video is private» የሚል ጥቁር ሳጥን መጣ። አንድ ባለሙያ በስድስቱ ገጾች አዲሱን ቪዲዮ፣ በሦስቱ ደግሞ ከስክሪን የቀዳውን ፋይል አስገብቶ ሥራውን ተወው። ባልደረባዬ ፌስቡክ ላይ በቀጥታ የጫነውንም ከ11 ቀን በፊት Trash ውስጥ ከትቶታል። እሱ በዩቲዩብ ቻናሉ ላይ ያለው ፈቃድ Editor ነው። የድሮው ከነአስተያየቶቹ ሊመለስ ይችላል?»

መልስ፦ ግምቴን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ የዩቲዩቡ ቪዲዮ አልጠፋም፤ የተደረገው ነገር ቢኖር ከሕዝብ ዕይታ መደበቅ ነው። ይህን እንድል ያደረጉኝ ሁለት ምልክቶች ናቸው። አንደኛው ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቃል ነው። ባለቤቱ በእርግጥ የሰረዘው ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ «This video has been removed by the uploader» ይላል፣ ወይም ምክንያት ሳይጠቅስ «Video unavailable» ብቻ ይላል። «private» የሚለው ቃል ግን ዩቲዩብ ቪዲዮው መኖሩን እንደሚያውቅና እንዳያሳይ እንደታዘዘ ይመሰክራል። ሁለተኛው የባልደረባዎ ፈቃድ ነው። Editor የሆነ ሰው ቪዲዮ መጫንና ማስተካከል ይችላል፤ የታተመ ቪዲዮን ግን መሰረዝ አይፈቀድለትም። ስለዚህ «አጠፋሁት» ሲልዎት መሰረዣውን ሲያጣ `Private` አድርጎት ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ አሳስብዎታለሁ፦ ይህ ሥራ እስኪያልቅ ድረስ እርስዎም ሆኑ ሌላ ሰው `Delete forever` የሚለውን አይንኩ፣ አዲሱን ቪዲዮ ለመሰረዝም ቢሆን። ዩቲዩብ ለቻናሉ ባለቤት የተሰረዘ ቪዲዮ የሚጠብቅበት ቅርጫት የለውም።

አሁን ወደ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ይግቡና `Content` የሚለውን ከፍተው በ`Visibility` ማጣሪያ `Private` የሆኑትን ብቻ ያውጡ። የድሮው ቪዲዮ እዚያ ከተገኘ ወዲያውኑ `Public` አያድርጉት፤ መጀመሪያ `Unlisted` ያድርጉት። በዚህ ሁኔታ ሊንኩ ያለው ሁሉ ያየዋል፣ በድረ ገጽ የተሰካውም ይሠራል፤ በቻናልዎ ዝርዝርና በፍለጋ ውስጥ ግን አይወጣም። ስለዚህ የተሳሳተው ስልክ ቁጥር ለአዲስ ተመልካች ሳይሰራጭ ሁሉንም ነገር መፈተሽ ይችላሉ። ፈተናውን በግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ያድርጉት። በባለቤቱ አካውንት እንደገቡ ከከፈቱት የተደበቀ ቪዲዮም ሊታይልዎት ስለሚችል «ተስተካክሏል» ብለው ይታለላሉ። ካልተነኩት 29 ገጾች አንዱን ይክፈቱ፤ ጥቁሩ ሳጥን ወደ ቪዲዮነት ከተመለሰ ግምቴ ትክክል ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ቪዲዮውን በራሱ በዩቲዩብ ገጽ ላይ ይክፈቱና አስተያየቶቹን ይመልከቱ። ዩቲዩብ `Private` በሆነ ቪዲዮ ሥር አስተያየት አያሳይም፤ ከ`Unlisted` በኋላም ካልታዩ በቪዲዮው ዝርዝር ውስጥ የአስተያየት ቅንብሩ መዘጋት አለመዘጋቱን ያረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት አንድ ነገር ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ እኔም ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ሳላስረዳ አላልፈውም። ቪዲዮ ሲጫን ዩቲዩብ 11 ፊደላትና ምልክቶች ያሉት መለያ ይሰጠዋል። ሊንኩ ውስጥ ከ`watch?v=` በኋላ የሚመጣው፣ በአጭሩ ሊንክ ከ`youtu.be/` ቀጥሎ ያለው፣ በተሰካው ኮድ ውስጥም ከ`/embed/` በኋላ የሚታየው ይኸው አንድ መለያ ነው። ትልቁና ትንሹ ፊደል ስለሚለያዩ በእጅ ሲገለብጡት አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሌላ ቪዲዮ ይሆናል ወይም ምንም አይሆንም። 214ቱ አስተያየቶች፣ የተመልካቹ ቁጥርና ሰዎች በየቦታው ያጋሩት ሊንክ ሁሉ የታሰሩት በዚህ መለያ ላይ ነው፤ በርዕሱ ወይም በፋይሉ ላይ አይደለም። በ38ቱ ገጾችዎ ውስጥም ቪዲዮው ራሱ የለም፤ እያንዳንዱ ገጽ መለያውን ይዞ ዩቲዩብን በየጊዜው ይጠይቃል፣ ዩቲዩብም በዚያች ቅጽበት ባለው ሁኔታ ይመልሳል። ስለዚህ ባልደረባዎ አንድ ቁልፍ ሲነካ 38ቱም በአንድ ጊዜ ጠቆሩ፤ እርስዎ አንድ ቁልፍ ሲነኩ ደግሞ ያልተነካኩት በአንድ ጊዜ ይበራሉ። በሌላ በኩል ያንኑ ፋይል ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ አንስተው፣ በዚያው ርዕስ፣ በዚያው ቻናል ቢጭኑት ዩቲዩብ አዲስ መለያ ይሰጠዋል፤ ለእርሱ አዲስ የተወለደ ቪዲዮ ነው። አንዱን ፋይል በሌላ ፋይል በዚያው መለያ ሥር መተካት አይቻልም፤ የሁለት ቪዲዮዎችን አስተያየትም አንድ ላይ ማዋሃድ አይቻልም። አዲሱን ሲጭኑ ምንም ያልተከተለው ለዚህ ነው።

ስልክ ቁጥሩን ለማረም አስቀድሞም አዲስ ቪዲዮ መጫን አያስፈልግም ነበር። የስቱዲዮው `Editor` የሚባለው የማስተካከያ መሣሪያ ከቪዲዮው ላይ ቆርጦ ማውጣትና የስክሪኑን አንድ ክፍል ማደብዘዝ ይችላል፤ መለያው፣ አስተያየቱና የተሰካው ሁሉ ባለበት ይቆያል። ቁጥሩ ለምሳሌ ከ4:10 እስከ 4:22 የሚታይ ከሆነና ድምፁ የማያነበው ከሆነ ያንን ቦታ ብቻ ያደብዝዙት፤ ተናጋሪው በቃሉም የሚያነበው ከሆነ ግን 12ቱን ሰከንዶች ቆርጠው ያውጡና አዲሱን ቁጥር በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፉ። ካስቀመጡት በኋላ ሥራው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያው የድሮው መልክ ስለሚታይ አልሠራም ብለው እንዳይደግሙት። ቪዲዮው ከ100,000 በላይ ታይቶ ከሆነና ቻናሉ በዩቲዩብ አጋርነት ፕሮግራም ውስጥ ከሌለ፣ ፊት ከማደብዘዝ ውጭ ያለውን ለውጥ ላያስቀምጥልዎት ይችላል። እርማቱ መውጣቱን ካዩ በኋላ `Public` ያድርጉት።

ስለ ዘጠኙ ገጾች ስናገር ቅሬታዬን መደበቅ አልችልም። የቀድሞው ባለሙያ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አንድ ቃል ቢያነብ ኖሮ ሥራው በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ከስክሪን የተቀዳ ፋይል ምስሉ የደበዘዘ፣ ድምፁም የተበላሸ ነው፤ ከዚያም በላይ ጭነቱን ሁሉ በድረ ገጹ አገልጋይ ላይ ያሳርፋል። እንዲህ ያሉ ፋይሎች አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ነፃ የማጫወቻ ፕለጊን ጋር ይመጣሉ፤ ፕለጊኑን የሚያድሰው ሰው ሲጠፋም ለሰርጎ ገቦች በር ይሆናል። እነዚያን ሦስት ገጾች በእጅ ይክፈቱ፣ ፋይሉን ከገጹ ያውጡ፣ የድሮውን የዩቲዩብ ሊንክ መልሰው ያስገቡ፤ ፕለጊኑ ለሌላ ሥራ ካላስፈለገም ያንሱት።

የስድስቱን መለያ ግን WP-CLI በተባለው የዎርድፕረስ የትእዛዝ መሣሪያ መመለስ ይቀላል። መጀመሪያ የመረጃ ቋቱን ቅጂ ያውጡ፣ ከዚያ ለውጡን ሳይፈጽሙ ይቁጠሩት፦

```
wp db export
wp search-replace 'NEW_ID' 'OLD_ID' wp_posts --dry-run
```

በ`NEW_ID` እና በ`OLD_ID` ፋንታ ትክክለኞቹን መለያዎች፣ የሠንጠረዡ ስም ቅድመ ቅጥያ `wp_` ካልሆነም የራስዎን ያስገቡ። ዎርድፕረስ የገጾቹን የቀድሞ ረቂቆች በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሚያኖር ቁጥሩ ከስድስት ቢበልጥ አይደንግጡ፤ ዜሮ ከሆነ ግን መለያውን ሲገለብጡ ተሳስተዋል ማለት ነው። ቁጥሩ ካሳመነዎት `--dry-run` የሚለውን አውጥተው ይድገሙት። ሌላ ችግርም ሊያጋጥምዎት ይችላል፦ ቪዲዮው ተደብቆ ሳለ አንድ ሰው ገጹን አርሞ አስቀምጦ ከነበረ ዎርድፕረስ ያልተሳካውን ምላሽ ይዞ ሊቆይና በቪዲዮው ቦታ ባዶ ሊንክ ብቻ ሊያሳይ ይችላል። ያን ገጽ ከፍቶ እንደገና ማስቀመጥ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል፤ ካልበቃው `wp embed cache clear` ብለው ከጎኑ የገጹን ቁጥር ይጻፉ።

የፌስቡኩ ጉዳይ ዛሬውኑ መሠራት አለበት። እዚያ `Trash` ውስጥ የገባ ነገር ከ30 ቀን በኋላ በራሱ ስለሚጠፋ የቀረዎት 19 ቀን ነው። ከ`Activity log` ውስጥ `Trash`ን ከፍተው ልጥፉን ይመልሱት፤ የተሳሳተው ቁጥር እንዲታይ ካልፈለጉ ከዚያ ወደ `Archive` ያዛውሩት፤ በማኅደር የተቀመጠ ልጥፍ የጊዜ ገደብ የለበትም። ሰዎች ያንን ልጥፍ ሲያጋሩ ቪዲዮው የተባዛ ይመስላቸዋል እንጂ የእነርሱም ልጥፍ ወደ እርስዎ የሚያይ መስኮት ነው፤ ዋናው በተደበቀ ጊዜ ይዘቱ እንደማይገኝ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። በእነርሱ ልጥፍ ሥር የተጻፈው አስተያየት ግን የእነርሱ ስለሆነ ከእርስዎ ጋር አይሰረዝም፣ ወደ እርስዎም አይዛወርም። አውርደው በራሳቸው ስም እንደገና የጫኑት ካሉ ደግሞ እነዚያ ራሳቸውን የቻሉ ቅጂዎች ናቸው፤ የእርስዎ መሰረዝም መደበቅም አይነካቸውም፣ የቅጂ መብት ጥያቄ ካላቀረቡባቸው በቀር።

ግምቴ ስህተት ሆኖ `Private` በሆኑት መካከል ቪዲዮው ከሌለ፣ ቻናሉን በ`Manager` ወይም በባለቤትነት የሚያስተዳድር ሌላ ሰው ሰርዞት ይሆናል። ያን ጊዜ 214ቱ አስተያየቶች አይመለሱም፤ የሚቀረው ከላይ ያለውን ትእዛዝ ገልብጦ የድሮውን መለያ ባልተነኩት 29 ገጾች ላይ በአዲሱ መተካት፣ ፋይል በገባባቸው ሦስት ገጾችም አዲሱን ሊንክ በእጅ ማስገባት ነው። ሰዎች በየቦታው ያጋሩት ሊንክ እንደተሰበረ ይቀራል፤ ያለው መንገድ አዲሱን ሊንክ መላክ ብቻ ነው።

ሁሉም ከተመለሰ በኋላ አዲሱን ቪዲዮም አይሰርዙት፤ ባለፉት ቀናት ሊንኩን ያጋሩ ሰዎች ይኖራሉ። `Unlisted` አድርገው በመግለጫውና ከላይ በሚሰካ አስተያየት የዋናውን ሊንክ ያስቀምጡበት። አንድ ቀን ልሰርዘው ካሉም አስቀድመው የመጀመሪያውን ፋይል በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ያኑሩ፣ ሁለቱንም ከፍተው እስከ መጨረሻው መጫወታቸውን ይዩ። ከስቱዲዮ የሚወርደው ቅጂ እስከ 720p ብቻ ስለሆነ በፋይሉ ቦታ አይቁጠሩት። ሁለቱ ቅጂዎች በእጅዎ ሳይኖሩ `Delete forever`ን አይንኩ።