ስንት ካርቶን እንዘዝ? ከወሎ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያና ከሐይቅ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚያጠነጥኑት ዕቃን በአንድ ጊዜ ስንት ማዘዝ እንደሚያዋጣ ላይ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ምሳሌ እንያዝ። ደሴ ያለ አንድ ባለሱቅ የምግብ ዘይት በካርቶን ከኮምቦልቻ ያመጣል እንበል። በዓመት 2,400 ካርቶን ይሸጣል። አንድ ጊዜ ለማምጣት 3,000 ብር ያወጣል። አንድ ካርቶን ዓመቱን ሙሉ መጋዘን ቢቀመጥ ደግሞ 1,000 ብር ያስወጣዋል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው፤ በራስዎ ቁጥር ይተኳቸው።

«ኮሌጅ ላይ ኢኦኪው ብለው አስተማሩን። ቀመሩን ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ከየት እንደመጣ ግን እስከዛሬ አልገባኝም።» (የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ)

ኢኦኪው በአንድ ጊዜ ስንት ማዘዝ እንደሚያዋጣ የሚያወጣው ቀመር ነው። ሁለት ወጪዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። ጥቂት ጥቂት ካዘዙ ቶሎ ቶሎ መኪና ይከራያሉ። ብዙ ካዘዙ ደግሞ ገንዘብዎ መጋዘን ውስጥ ይተኛል። በአንድ ጊዜ የሚያዙትን Q እንበለው። የዓመቱን ሽያጭ D ካልነው በዓመት የሚያዙት D/Q ጊዜ ነው። መጋዘኑ ሲሞላ Q፣ ሲያልቅ ዜሮ ስለሚሆን በአማካይ የሚቀመጠው ግማሹ፣ Q/2 ነው። ስለዚህ የዓመቱ ወጪ እንዲህ ይጻፋል፦

```
ወጪ = (D/Q)·S + (Q/2)·H
```

S የአንድ ጊዜ ማዘዣ፣ H የአንድ ካርቶን የዓመት ማቆያ ነው። አሁን ሁለቱን ቁራጮች እርስ በርስ ያባዟቸው። Q ይጠፋና DSH/2 ይቀራል። ስንትም ቢያዝዙ ብዜታቸው አይለወጥም ማለት ነው። ብዜታቸው የማይለወጥ ሁለት ቁጥሮች ድምራቸው ትንሽ የሚሆነው እኩል ሲሆኑ ነው። እኩል ያድርጓቸው፤ የተማሩት ቀመር ይወጣል፦

```
Q = √(2DS/H) = √(2·2400·3000/1000) = 120
```

በዲሪቬቲቭ ቢሠሩትም እዚሁ ይደርሳሉ። እኔ ግን ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ማረጋገጫውን አብሮ ይሰጣል። የዓመቱ የማዘዣ ወጪ 20 ጊዜ በ3,000፣ 60,000 ብር ነው። የማቆያው ወጪም 60 ካርቶን በ1,000፣ 60,000 ብር ነው። ዓመቱ ሲዘጋ መዝገብዎን ከፍተው ሁለቱን ያስተያዩ። የማዘዣው እጅግ ከበለጠ በጣም ጥቂት ጥቂት እያዘዙ ነው። የማቆያው ከበለጠ ደግሞ ከልክ በላይ እያከማቹ ነው።

ቀመሩን አሜሪካዊው ፎርድ ሃሪስ ያወጣው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ያስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች ዛሬም አሉ፤ ሽያጩ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ፍጥነት ይሄዳል፣ የማዘዣ ወጪውም አይለወጥም። የቀሩት ጥያቄዎች እነዚህ ሲፈርሱ ስለሚሆነው ነው።

«የሱቅ ኪራይና የልጁን ደመወዝ የት ውስጥ ልክተት?» (ባለሱቅ፣ ኮምቦልቻ)

የትም። መለኪያው አንድ ጥያቄ ነው፦ አንድ ጊዜ ባላዝዝ ኖሮ ይህ ብር ኪሴ ይቀር ነበር? የመኪናው ኪራይ ይቀራል፣ ስለዚህ S ውስጥ ይገባል። የልጁ ወርኃዊ ደመወዝ ቢያዝዙም ባያዝዙም ይከፈላል፣ ስለዚህ አይገባም። የወዛደር ክፍያ በካርቶን ከሆነም አይገባም፤ የዓመቱ ካርቶን ያው ስለሆነ በስንት ጊዜ ቢመጣ ድምሩ አንድ ነው።

H ላይም እንደዚሁ ነው። መጋዘኑ አስቀድሞ የተከራዩት ከሆነና ግማሹ ባዶ ከሆነ ኪራዩን አይቁጠሩ። በምሳሌያችን ካርቶኑ 5,000 ብር ተገዝቶ፣ ገንዘቡ በሌላ ሥራ በዓመት 18 በመቶ ያስገኝ ነበር ብለን 900 ብር ያዝን። ለሚፈስና ለሚበላሽ 100 ጨመርን። ይኸው ነው።

«ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘይት በሁለት ቀን ያልቅብኛል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወር ይተኛል። ቀመሩ ለእኛ አይሠራም ልበል?» (ባለሱቅ፣ ወልዲያ)

በከፊል ይሠራል። የቱ ክፍሉ እንደሚሠራና የቱ እንደሚያሳስት መለየት ነው ዋናው።

2,400ውን እንከፋፍለው። አሥር ወር በወር 160፣ ሁለት የጾም ወር በወር 400 ካርቶን ይሸጣል እንበል። ድምሩ ያው 2,400 ነው። ለየወቅቱ ቀመሩን ለየብቻ ብንሠራው፣ በቀዝቃዛው ጊዜ በግምት 107፣ በሞቃቱ ጊዜ በግምት 170 ካርቶን ይመጣል። ሽያጩ ሁለት እጥፍ ተኩል ሲያድግ የሚታዘዘው መጠን ያደገው በ60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሥራው የካሬ ሥሩ ነው። እንግዲህ በመጠኑ ላይ 120ን ይዘው ቢቆዩም ጉዳቱ ትልቅ አይደለም።

ጉዳቱ ያለው ቀኑ ላይ ነው። በዓመት 20 ጊዜ ስለሚታዘዝ ብዙ ሰው «በየ18 ቀኑ» ብሎ ካላንደሩ ላይ ያሰፍራል። በጾም ወር ግን 120 ካርቶን የሚቆየው 9 ቀን ነው። ቀሪውን 9 ቀን መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። በቀዝቃዛው ወር ደግሞ በ18 ቀን የሚሸጠው 96 ብቻ ነው። በየዙሩ 24 ካርቶን እየተረፈ ይከመራል። እርስዎ «ያልቅብኛል፣ ከዚያ ይተኛል» ያሉት ይኼው ነው።

ስለዚህ ቀን ቆጥረው ሳይሆን የቀረውን ካርቶን ቆጥረው ይዘዙ። አዘው እስኪደርስ 3 ቀን ከፈጀ በቀዝቃዛው ጊዜ በ3 ቀን 16፣ በጾም 40 ካርቶን ይሸጣል። 16 ሲቀር የሚያዝዝ ሰው በጾም ወር በሁለተኛው ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። በዚህ ላይ ሽያጩ ከገመቱት ቢያልፍ ወይም መኪናው ቢዘገይ የሚሆን መጠባበቂያ ይጨምሩ።

ጾሙ ሊገባ ሲል ግን ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ሽያጩ የሚዘልበትን ሳምንት አስቀድመው ያውቁታልና ይጠቀሙበት። ሲልቨርና ሚል የተባሉ ሰዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት ቀላል ዘዴ አለ። ለስንት ሳምንት የሚበቃ ልዘዝ ብለው ይጠይቁ፤ ወጪውን በሳምንቱ ብዛት ያካፍሉ፤ ውጤቱ መጨመር ሲጀምር ያቁሙ። የሚመጡት ሳምንታት ሽያጭ 40፣ 40፣ 100፣ 100፣ 100 ነው እንበል። አንድ ካርቶን ለአንድ ሳምንት ሲቀመጥ 20 ብር ገደማ ይበላል።

ለአንድ ሳምንት ብቻ ቢያዝዙ ወጪው 3,000 ነው። ለሁለት ቢያዝዙ 3,000 ላይ የሁለተኛው ሳምንት 40 ካርቶን ማቆያ 800 ይጨመራል፤ ለሁለት ሲካፈል 1,900 በሳምንት። ለሦስት ቢያዝዙ 100 ካርቶን ሁለት ሳምንት ይጠብቃል፣ 4,000 ብር ይጨምራል፤ 7,800 ለሦስት ሲካፈል 2,600። ወጣ። ስለዚህ አሁን 80 ይዘዙ። ከሦስተኛው ሳምንት እንደገና ሲጀምሩ ለአንድ ሳምንት 3,000፣ ለሁለት 2,500፣ ለሦስት 3,000 ይመጣል። ስለዚህ 200 ይዘዙ። ሁሌ 120 የሚያዝዝ ሰው ግን ሦስተኛው ሳምንት ሳይጋመስ ዘይት ያልቅበታል።

ዘዴው ግምታዊ ነው። ሽያጩ በድንገት ሲወድቅ፣ ወይም ምንም የማይሸጥባቸው ሳምንታት በመሃል ሲበዙ ይስታል። ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው ዋግነርና ዊትን በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስሌት ነው፤ እሱ ግን በእጅ ይረዝማል፣ በኮምፒውተር ይቀላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያለፈውን ዓመት የየካቲት ሽያጭ ለዘንድሮ የካቲት እንዳለ አይገልብጡ። በ2017ም በ2018ም የካቲት ውስጥ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሁለቱም ገብተዋል። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ሁለቱ እየተለያዩ ይሄዳሉ። በወሎ ሱቅ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ አንድ ትልቅ ጫፍ የነበረው ሽያጭ ቀስ እያለ ሁለት ትንንሽ ጫፍ ይሆናል። መዝገብዎን በወር ስም ሳይሆን «ጾሙ ከገባ ስንተኛ ሳምንት» ብለው ይያዙት።

«ነዳጅ በጨመረ ቁጥር የመኪና ኪራይም ይጨምራል። በየጊዜው ቀመሩን እንደ አዲስ ልሥራ?» (ነጋዴ፣ ሐይቅ)

ለትንሽ ጭማሪ አይልፉ። S ከ3,000 ወደ 4,320 ቢወጣ አዲሱ መጠን 144 ነው። በአሮጌው 120 ቢቀጥሉ ዓመቱን ሙሉ ከሚቻለው በላይ የሚያወጡት 2,400 ብር ብቻ ነው፤ 146,400 በ144,000 ፋንታ።

ጭማሪው ትልቅ ሲሆን ነው መነቃነቅ። S አራት እጥፍ ሆኖ 12,000 ቢገባ መጠኑ 240 ይሆናል። በ120 የቆየ ሰው 300,000 ያወጣል፤ ያስተካከለው 240,000። በዚህን ጊዜ ግን መኪናውን ይዩ። ቀመሩ መኪናው ስንት እንደሚጭን አያውቅም። ካርቶኑ 19 ኪሎ ገደማ ከሆነ 240ው አራት ቶን ተኩል ያልፋል። አይሱዙው ካልጫነው ሁለተኛ መኪና ያስፈልጋል፣ S እንደገና ይዘላል። ያኔ ቀመሩ ያወጣውን ቁጥርና አንድ ሙሉ መኪና የሚጭነውን ሁለቱንም የወጪው መስመር ውስጥ አስገብተው ያነሰውን ይምረጡ።

ጭማሪው ነገ እንደሚገባ ዛሬ ከሰሙስ? በአሮጌው ኪራይ የሚያመጡት የመጨረሻው ጭነት መጋዘንዎን እስከ አዲሱ ልክ፣ እስከ 240 ይሙላው። ከዚያ በላይ ያለው ካርቶን ከሚያድነው ይልቅ የሚተኛበት ወጪ ይበልጣል። ይህ የዘይቱ ዋጋ ራሱ ካልጨመረ ነው። የሚጨምረው ዋጋው ከሆነ ስሌቱ ሌላ ነው።

«ከጎረቤቴ ጋር መኪና ብንጋራስ?» (ባለሱቅ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ)

በጣም ያዋጣል። ኪራዩን እኩል ከተካፈላችሁ S 1,500 ይሆናል። መጠኑ ወደ 85 ካርቶን ይወርዳል፣ የዓመቱ ወጪ ከ120,000 ወደ 85,000 ገደማ። ግን የሚታዘዝበት ቀን ከእንግዲህ የእርስዎ ብቻ አይደለም። የጎረቤትዎ ዕቃ ቀስ ብሎ የሚሸጥ ከሆነ፣ እሱን ሲጠብቁ የእርስዎ ዘይት ያልቃል። ስለዚህ ቶሎ የሚያልቅበት ሰው ቀኑን ይቁረጥ፤ ሌላው በዚያ ቀን የጎደለውን ያህል ይጫን። ጎረቤትዎ በአንዳንዱ ዙር ምንም ሳይጭን ቢያልፍ ያን ቀን 3,000ውን ብቻዎን ይከፍላሉ፤ ይህን አስቀድመው ተነጋግረው ይወስኑ።

«ገንዘቤ ከ60 ካርቶን አይበልጥም። ምን ያህል እጎዳለሁ?» (ጀማሪ ነጋዴ፣ ደሴ)

በግማሹ ማዘዝ ወጪዎን በ25 በመቶ ያሳድገዋል፤ 150,000 ይሆናል። እጥፉን ማዘዝም እንዲሁ ነው። 80 ካርቶን ላይ ሲደርሱ ጭማሪው ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ለመጨረሻዎቹ 40 ካርቶን ብለው በውድ ወለድ አይበደሩ።