የጨረታ ባዮዬን ድረ ገጼ ላይ ብለጥፈው ለምን ሳቁብኝ? (ጥያቄና መልስ)

የጨረታ ቴክኒካል ፕሮፖዛል በማዘጋጀት ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የሰው ሲቪ ስጠግን ያደርኩበት ሌሊት አይቆጠርም። ዛሬ ማታ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ባዮውን ሳይለጥፍ «እንዴት ነው?» ለሚለኝ ግን መልስ የለኝም። ደግሞ ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ቀኑን፣ ቁጥሩንና የሥራ ድርሻችሁን አትንኩ።

የውሃው ልጅ፦ «ጋሼ፣ የውሃ መሐንዲስ ነኝ። ለጨረታ የገባውን ባዮዬን እንዳለ ድረ ገጼ ላይ ብለጥፈው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ምኑ ነው የሚያስቀው? ይኸውና፦ “ባለሙያው በውሃ ሀብት ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ሲሆን በጥልቅ ጉድጓድ ቁፋሮ ቁጥጥር የካበተ ልምድ አላቸው። ከመስከረም 2004 እስከ ሰኔ 2006 ዓ.ም. በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት የ9 ጥልቅ ጉድጓዶችን ቁፋሮና የፓምፕ ሙከራ ተቆጣጥረዋል።”»

የሳቁት «አላቸው» በምትለው ቃል ነው። በራስህ ቤት ራስህን አንቱ ብለህ ተቀምጠሃል። ጨረታ ላይ የሚያቀርብህ ድርጅቱ ስለሆነ አንቱታው ቦታው ነው። ገምጋሚው ነጥብ መስጫውን ይዞ ዲግሪ፣ ስንት ዓመት፣ ተመሳሳይ ሥራ እያለ ያስሳል፤ ሳቅም ጨዋታም አይፈልግም። ድረ ገጽህ ላይ የሚመጣው ግን ስምህን ከሰው ሰምቶ «ይሄ ልጅ ምን ይሠራል?» የሚል አንድ ሰው ነው።

ታዲያ «አላቸው»ን «አለኝ» ብትለው አይበቃም። «የካበተ ልምድ አለኝ» ብለህ ጮክ ብለህ አንብበው። ሌላ ሰው ሲልህ ምስክርነት ነበር፤ አንተ ስትለው ጉራ ሆነ። አካሉ ሲቀየር ቅጽሉ አብሮ መውደቅ አለበት፤ በወደቀበት ቦታ ደግሞ በዓይንህ ያየኸው ነገር ይግባ። እስቲ ንገረኝ፣ 9ኙ ጉድጓዶች ምን ሆኑ?

የውሃው ልጅ፦ «7ቱ ውሃ ሰጡ፣ 2ቱ ደረቅ ወጡ። ይሄ ይጻፋል እንዴ?»

ይጻፋል። እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦

«ሥራዬ ጉድጓድ ሲቆፈር አጠገቡ ቆሞ የሚወጣውን አፈርና ድንጋይ ማየት ነው። ከመስከረም 2004 እስከ ሰኔ 2006 ዓ.ም. በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት 9 ጥልቅ ጉድጓዶች ተከታትያለሁ። 2ቱ ደረቅ ወጡ፤ ከ7ቱ ይልቅ ብዙ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ጉድጓድ ለማስቆፈር ካሰባችሁ ቆፋሪ ሳትቀጥሩ ደውሉልኝ።»

ልብ በል፣ «በተቆጣጣሪ መሐንዲስነት» የምትለው ደረቅ ሐረግ አልወጣችም። ጨዋታ ለማሳመር ብለህ «9 ጉድጓድ ቆፈርኩ» ብትል ቃናውን ሳይሆን ሥራህን ቀየርክ ማለት ነው። በጨረታውም በኩል እንዲሁ፤ የተቆጣጠርካቸው 9 ናቸው፣ 9 ብለህ ጻፍ። «9 ውጤታማ ጉድጓዶች» ያልክ ቀን ግን ዋሽተሃል።

ታዛቢ፦ «በገዛ ድረ ገጹ ደረቅ ጉድጓድ የሚጽፍ ሰው ማን ይቀጥረዋል? ጋሼ፣ ይሄ ምክር ደንበኛ ያባርራል።»

ቁፋሮ ላይ የዋለ፦ «ሁሉም ጉድጓዴ ውሃ ሰጠ የሚል ተቆጣጣሪ ካጋጠመህ ነው መሸሽ ያለብህ። የመሬት ሥር ነገር በእጅህ አይደለም።»

ታዛቢ፦ «ያንን የምታውቀው አንተ ነህ። ግቢው ውስጥ ውሃ የሚፈልገው ሰውዬ አያውቅም።»

የቁፋሮ ክርክራችሁን ሌላ ቦታ። የሚቀጥለው።

ሀገር ቤት ናፋቂ፦ «ውጭ ያሉ ሰዎችም ስለሚያዩት ዓመቱን በፈረንጅ ብጽፈውስ?»

ሒሳብ ሠሪ፦ «8 መደመር ነው በቃ። 2004 ማለት 2012፣ 2006 ማለት 2014።»

ግማሹን አግኝተሃል። ሰኔ 2006 ጁን 2014 ነው፣ ልክ። መስከረም 2004 ግን ሴፕቴምበር 2011 ነው፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ የሚደመረው 7 ነው። አሁን ያደረግከውን አየህ? ጨረታው ላይ 2 ዓመት ከ10 ወር የነበረው ልምድ ድረ ገጹ ላይ ከ2012 እስከ 2014 ሆነና አጠረ። ገምጋሚ ሁለቱን ጎን ለጎን ካየ የሚጠይቀው የትኛው እውነት እንደሆነ ነው። ወሩን ከዓመቱ ጋር አብራችሁ ለውጡ። ብያለሁ፣ ቀን አትንኩ።

ሰላም ነው፦ «ባዮዬን እንዴት ላሳምረው?»

ባዮው የታለ?

ጸሐፊዋ፦ «ጋሼ፣ የእኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ድረ ገጼ ላይ ያለውን ዘና ያለ ባዮ ለጨረታ ላስገባው?»

አይሆንም እህቴ። «ለዓመታት» የምትለው ወርና ዓመት ትሆናለች፣ «ከብዙ ድርጅቶች ጋር» የምትለው የአሠሪ ስም ትሆናለች። ሁለት ሥራ በአንድ ወቅት ሠርተሽ ከሆነም ወራቱን ሁለት ጊዜ አትቁጠሪ። የዓለም ባንክ ጨረታ ላይ ቴክ 6 የሚባለው የሲቪ ቅጽ ግርጌ የምትፈርሚበት ማረጋገጫ አለው፤ የሐሰት መግለጫ ከውድድር ሊያስወጣ ይችላል። እኔን አንዴ አንድ ድርጅት ሳይጠይቀኝ ሲቪዬን ለጨረታ አስገብቶ፣ 3 ዓመት ጨምሮልኝ፣ ማብራሪያ የተጠየቅኩት እኔ ነበርኩ። የምትፈርሚውን አንብቢ።

አዲስ ገቢ፦ «የአሠሪውን ስምና የውሉን ገንዘብ ድረ ገጹ ላይ ልጻፍ?»

ገንዘቡን ተው። ስሙን አስፈቅደህ። የምስክሮችህን ስልክ ቁጥር ደግሞ ፈጽሞ፤ ለገምጋሚ እንጂ ለሀገር አልሰጡህም።

ካሜራ፦ «ፎቶስ ምን ዓይነት ይሁን?»

ፎቶ አንሺ ጠይቅ።

ዲዛይነሯ፦ «አንባቢውን አንተ ልበለው፣ እርስዎ፣ ወይስ እናንተ?»

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ድረ ገጾቻችንን አንብቡ፤ ላይ «ይመልከቱ»፣ መሀል «ደውልልኝ»፣ ታች «ያግኙን»። አንድ ሰውዬ በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ማዕረጉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። «አንተ» ስትይ ሴቷን ከበር መለስሻት። «እርስዎ» ጨዋ ነው፤ ግን ከቀለለው ባዮ አጠገብ ሲቀመጥ ከረባት ያሰረ ሰው የጓደኞች ቡና ላይ እንደመጣ ይሆናል። እኔ «እናንተ» እላለሁ፤ ወንድ ሴት አይለይም፣ አያቃልልም፣ አያርቅም። ለዚህ ነው ከላይ «ደውሉልኝ» ያልኩት።

ታዛቢ፦ «አባቴ ድረ ገጹን ከፍቶ ብቻውን ተቀምጦ “እናንተ” ቢባል ከኋላው ሰው እንዳለ ዞሮ ያያል። እርስዎ ነው ትክክሉ።»

ዲዛይነሯ፦ «ለአዛውንት ደንበኛ ታዛቢ ልክ ነው እኮ።»

ደንበኞችሽ አዛውንት ከሆኑ እርስዎ በይ፣ አልጣላሽም። ከላይ እስከ ታች ግን አንድ ይሁን።

ሰላም ነው፦ «እሺ ጋሼ፣ ባዮ ላይ ጥሩ ቃላት ካሉ?»

ወንድሜ፣ ባዮው የታለ?

የውሃው ልጅ፦ «ለጠፍኩት፤ የጻፍከውን እንዳለ። ባለቤቴ ግን ስለ ደረቆቹ ያለውን አልወደደችውም፤ አስወጣው ትላለች።»

ታውጣው። 9ኟን ግን 7 እንዳታደርጋት።